72.4 የሚያነብ ቴርሞሜትር፦ የካሊብሬሽን ሰርተፍኬትን ወደ አማርኛ ስንመልስ

በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ ዙሪያ ያለ የወተት ማቀነባበሪያ የፓስተራይዘሩን ቴርሞሜትር ካሊብሬት ሲያስደርግ የሚሰጠው ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሁለት ሦስት ገጽ ያለው ወረቀት ነው። ማሽኑን የሚይዘው ኦፕሬተር፣ ፈረቃውን የሚቆጣጠረው ኃላፊና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቦርድ ግን ሥራቸውን የሚሠሩት በአማርኛ ስለሆነ ወረቀቱ ይተረጎማል። የመጀመሪያው ገጽ አያስቸግርም፤ የደንበኛው ስምና አድራሻ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑ ነው። ጣጣው ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በሠንጠረዡና ከሠንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል በተጻፉት ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ቃል ከተዛነፈ ወተቱ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ሊያልፍ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ሁሉ ነገር ደህና እንደሆነ ይናገራል።

ለማሳያ ከሠንጠረዡ አንድ መስመር ብቻ እንውሰድ። ቴርሞሜትሩ የፒቲ 100 ዳሳሽና ዲጂታል ማሳያ ያለው ነው። ላቦራቶሪው ዳሳሹን ከራሱ ማጣቀሻ ቴርሞሜትር ጋር ሙቀቱ በቁጥጥር ሥር ባለ የፈሳሽ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ ሁለቱን አነጻጽሯል። በመስመሩ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ የማጣቀሻው ሙቀት 72.0 °C፣ የመሣሪያው ንባብ 72.4 °C፣ ስህተት +0.4 °C፣ የልኬት ኢ-እርግጠኝነት 0.3 °C፣ k = 2። ፋብሪካው በራሱ የጥራት ማኑዋል ለዚህ ቴርሞሜትር የፈቀደው ልዩነት ደግሞ ±0.5 °C ነው እንበል። የ72 ነጥብን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወተት በተከታታይ ፍሰት ፓስተራይዝ ሲደረግ ቢያንስ በ72 °C ለ15 ሰከንድ መቆየት አለበት የሚለው የተለመደው መስፈርት ያረፈው እዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

ከሠንጠረዡ በፊት አርእስቱ ራሱ ይታይ። «ካሊብሬሽን»ን «ማስተካከል» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ግን ስህተት ነው። ካሊብሬሽን የመሣሪያውን ንባብ ከታወቀ ማጣቀሻ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱንና የልዩነቱን ኢ-እርግጠኝነት መመዝገብ ነው። መሣሪያውን መነካካት የግድ የለበትም። ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው፤ ከተሠራም ሰርተፍኬቱ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ የተገኙትን ውጤቶች ለየብቻ ያሳያል። አርእስቱን «የማስተካከያ ምስክር ወረቀት» ብሎ የተረጎመ ሰው ኦፕሬተሩን የሚነግረው «ቴርሞሜትሩ ተስተካክሏል፣ ንባቡን እንዳለ ውሰድ» ብሎ ነው። በእኛ መስመር ላይ ግን ማንም ምንም አላስተካከለም፤ ቴርሞሜትሩ ዛሬም 0.4 ከፍ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ «ካሊብሬሽን» የሚለውን ቃል እንዳለ መተው ይሻላል። በየፋብሪካው የሚነገረውም ይኸው ቃል ነው።

አሁን +0.4። ስህተት ማለት የመሣሪያው ንባብ ሲቀነስ የማጣቀሻው ዋጋ ነው፦ 72.4 − 72.0 = +0.4። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ግን በዚያው ዓምድ የሚጽፉት ስህተቱን ሳይሆን እርማቱን ነው። እርማት ወደ ትክክለኛው ዋጋ ለመድረስ ንባቡ ላይ የሚደመረው ቁጥር ስለሆነ በዚሁ መስመር −0.4 ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተገለበጠው ምልክቱ ነው። ሁለቱንም «ልዩነት» ብሎ በአንድ ቃል መተርጎም ለዓይን ያምራል፤ ኦፕሬተሩ ግን ይደምር ይቀንስ የሚያውቅበት ነገር አይኖረውም።

ቢሳሳት የሚደርሰው ይህ ነው። ወተቱ በእርግጥ 72.0 እንዲደርስ ማሳያው 72.4 ማለት አለበት። ኦፕሬተሩ ግን +0.4ን «የሚደመር እርማት» አድርጎ ከተረዳው ማሳያው 71.6 ሲል «0.4 ስጨምርበት 72 ሆነ» ይላል። የወተቱ እውነተኛ ሙቀት ያን ጊዜ 71.2 ገደማ ነው። ሙቀቱ ያልደረሰውን ወተት ወደ ኋላ የሚመልሰው ቫልቭም በ71.6 ከተሞላ ያልበሰለውን ወተት አልመልስም ብሎ ወደ ፊት ያሳልፈዋል። ከአንድ ምልክት የ0.8 ዲግሪ ልዩነት መጣ፤ ማለትም የስህተቱ እጥፍ።

መከላከያው ቀላል ነው። ተርጓሚው የዓምዱን ስም ከመጻፉ በፊት ከሠንጠረዡ አንድ መስመር ወስዶ ራሱ ይቀንስ። ንባብ ሲቀነስ ማጣቀሻ በምልክቱ ጭምር ከዓምዱ ጋር ከገጠመ «ስህተት»፣ በተቃራኒው ከወጣ «እርማት» ነው። ዜሮ ያለበትን መስመር ለዚህ አይምረጡ፤ ምንም አይነግርም። ከዚያም በዓምዱ ራስ ላይ ቀመሩን በአጭሩ መጻፍ ይጠቅማል፦ «ስህተት (ንባብ − ማጣቀሻ)»። በእንግሊዝኛው ቀመሩ ከሌለ ግን ጭማሪው የተርጓሚው መሆኑ በግርጌ ማስታወሻ ይነገር። ሌላው ጥንቃቄ የመቀነስ ምልክቱ በመስመር መጨረሻ ላይ ከቁጥሩ ተነጥሎ እንዳይቀር ነው። «−» ከላይ፣ «0.4» ከታች ከወረደ አንባቢው የሚያየው 0.4ን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ኢ-እርግጠኝነቱ፣ 0.3 ነው፤ ትርጉሞች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ጥርጣሬ»፣ «አለመተማመን»፣ አልፎ አልፎም «የስህተት መጠን» ተብሎ ይተረጎማል። «ጥርጣሬ» ላቦራቶሪው ሥራውን ያላመነበት ያስመስላል፤ ቦርዱ «ከተጠራጠሩ ለምን ገንዘብ ከፈልን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «የስህተት መጠን» ደግሞ ከባሰ ቦታ ይጥላል፤ ስህተቱ 0.4 መሆኑ ቀድሞ ተነግሯልና አንባቢው አሁን ሁለት ስህተት ያለ ይመስለዋል፤ ደምሮም 0.7 ይላል ወይም አንዱን ያጠፋል። ስህተት የታወቀ፣ ምልክት ያለው፣ ሊታረም የሚችል ቁጥር ነው። ኢ-እርግጠኝነት ግን ስህተቱን ያወቅነው በምን ያህል ስፋት ውስጥ እንደሆነ የሚነግር ነው። ምልክት የለውም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ይዘረጋል። የእኛን መስመር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስናነበው፦ የቴርሞሜትሩ ስህተት በ72 ዲግሪ ላይ +0.4 ሆኖ ተገኝቷል፤ እውነተኛው ስህተት በ95 በመቶ ገደማ ዕድል ከ+0.1 እስከ +0.7 ባለው ውስጥ ይገኛል።

0.3 የሚመጣው ከብዙ ትንንሽ ምንጮች ነው። የላቦራቶሪው ማጣቀሻ ቴርሞሜትር የራሱ ኢ-እርግጠኝነት አለው፤ የገንዳው ሙቀት ከቦታ ቦታ ጥቂት ይለያያል፤ ማሳያው ከ0.1 በታች አያሳይም፤ ልኬቱ ሲደጋገም ንባቡ ትንሽ ይዋዥቃል። እነዚህ ተቀናብረው መደበኛ ኢ-እርግጠኝነት ይወጣል፤ እዚህ 0.15 ነው። ያ በ2 ሲባዛ 0.3 ይሆናል። «k = 2» የሚለው ይህንን ማባዣ ነው። በትርጉሙ ውስጥ ከጠፋ አንባቢው 0.3 የተባዛ ይሁን ያልተባዛ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ k እንደ ቀመር ምልክት እንዳለ ይቀመጥ።

በሠንጠረዡ ግርጌ ያለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ እንዲህ ሊቀመጥ ይችላል፦ «የተገለጸው የሰፋ የልኬት ኢ-እርግጠኝነት መደበኛው ኢ-እርግጠኝነት በሽፋን ማባዣ k = 2 ተባዝቶ የተገኘ ሲሆን፣ የሽፋን ዕድሉ 95 በመቶ ገደማ ነው።» እዚህ ላይ «መሣሪያው 95 በመቶ ትክክል ነው» ወይም «ውጤቱ 95 በመቶ አስተማማኝ ነው» ብሎ ማቅለል ፈጽሞ አይገባም። 95 በመቶው የሚናገረው እውነተኛው ዋጋ በተሰጠው ስፋት ውስጥ የመገኘቱን ዕድል እንጂ የቴርሞሜትሩን ጥሩነት አይደለም። በጣም የተበላሸ ቴርሞሜትርም በ95 በመቶ የሽፋን ዕድል መበላሸቱ ሊለካ ይችላል። «ገደማ» የሚለውም ቃል አይጣል፤ እንግሊዝኛው ላይ ያለው ታስቦበት ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ±0.5 ነው። ለ«ቶለራንስ» መዝገበ ቃላት የሚሰጠው «መቻቻል» ሰው ከሰው ጋር ለሚኖረው ነገር እንጂ ለመሣሪያ አይሆንም። «የተፈቀደ የልዩነት ወሰን» ቢባል ማንም ይረዳዋል። ከቃሉ በላይ ግን የማን ቁጥር እንደሆነ መታወቅ አለበት። ኢ-እርግጠኝነቱን ያሰላው ላቦራቶሪው ነው፤ የተፈቀደውን ወሰን የሚያስቀምጠው ግን ተጠቃሚው፣ አምራቹ ወይም አንድ የታወቀ ደረጃ ነው። ሁለቱም በ«±» ስለሚጻፉ በትርጉም ውስጥ በቀላሉ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከተለዋወጡ 0.3 «የተፈቀደው» ይሆንና 0.4 የሆነው ስህተት ወድቋል ይባላል፤ ወይም 0.5 «የላቦራቶሪው ኢ-እርግጠኝነት» ሆኖ ልኬቱ ራሱ ዋጋ ያጣል።

ሁለቱ ቁጥሮች የሚገናኙት «አልፏል» ወይም «አላለፈም» የሚለው ፍርድ ሲሰጥ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቦራቶሪዎች ብቃት ደረጃ፣ አይኤስኦ/አይኢሲ 17025፣ ላቦራቶሪው እንዲህ ያለ የተስማሚነት መግለጫ ከሰጠ የተጠቀመበትን የውሳኔ ደንብ እንዲገልጽ ያዛል። በእኛ ቁጥሮች ላይ ይህ ደንብ ውጤቱን ይለውጣል። ደንቡ ቀላል ቅበላ ከሆነ ስህተቱ ብቻ ከወሰኑ ጋር ይነጻጸራል፦ 0.4 ከ0.5 ያንሳል፤ ስለዚህ «አልፏል»። ደንቡ የጥንቃቄ ጠርዝ የሚተው ከሆነ ግን ከወሰኑ ላይ ኢ-እርግጠኝነቱ ይቀነሳል፦ 0.5 − 0.3 = 0.2። 0.4 ከ0.2 ይበልጣልና አያልፍም። ያው ቴርሞሜትር፣ ያው ገንዳ፣ ያው ቀን፤ ፍርዱ ግን ሁለት ነው። በቀላል ቅበላ ያለፈው ይህ ቴርሞሜትር እውነተኛ ስህተቱ ከ0.5 በላይ የመሆኑ ዕድል፣ የተለመደው የደወል ቅርጽ ሥርጭት ከተወሰደ፣ ከአራት አንድ ያህል ነው። ስለዚህ «አልፏል» ከሚለው ቃል ጎን ያለችው ትንሽ የግርጌ ቁጥርና ወደ ታች የምትመራበት ዓረፍተ ነገር ካልተተረጎሙ ቦርዱ የማያውቀውን አደጋ ተቀብሎ ይፈርማል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ብዙ ሰርተፍኬቶች ምንም ፍርድ አይሰጡም፤ ቁጥሩን ብቻ ይሰጡና ውሳኔውን ለባለቤቱ ይተዋሉ። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ተርጓሚው በቅንነት «መሣሪያው ለአገልግሎት ብቁ ነው» የሚል መዝጊያ ሲጨምር ይታያል። ላቦራቶሪው ያላለውን ማስባል ነው፤ መጨመር የለበትም።

ከሁሉ የከበደው ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ውጤቶቹ ከዓለም አቀፉ የአሃዶች ሥርዓት ጋር የተሳሰሩ መሆናቸውን የሚናገረው። በወተት ሥራ ላይ ያለ ተርጓሚ የሚሳሳትበት ልዩ ምክንያት አለ። «ትሬሴቢሊቲ» የሚለው ያው የእንግሊዝኛ ቃል በምግብ ደኅንነት ማኑዋሎች ውስጥ አንድ ፓኬት ወተት ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ ወደ ኋላ ተከትሎ ማግኘትን ያመለክታል፤ በዚያም «የምርት ዱካ» ተብሎ ተለምዷል። ልማዱን ይዞ ሲመጣ «የመሣሪያውን ዱካ መከታተል ይቻላል» የሚል ነገር ይወጣል። አንባቢው ቴርሞሜትሩ የት መጋዘን እንደነበረ፣ ማን እንደያዘው ይመዘገባል ማለት ይመስለዋል።

በሥነ ልክ ግን የሚሳሰረው መሣሪያው ሳይሆን የልኬቱ ውጤት ነው። ፋብሪካው ውስጥ የተነበበው 72.4 ከላቦራቶሪው ማጣቀሻ ቴርሞሜትር ጋር ተነጻጽሯል፤ ያ ማጣቀሻ ደግሞ በበለጠ ትክክለኛ መሣሪያ ካሊብሬት ተደርጓል፤ እንዲህ እየተባለ ወደ ብሔራዊ መለኪያ፣ ከዚያም ወደ አሃዱ ትርጓሜ ይደረሳል። እያንዳንዱ ደረጃ በሰነድ የተመዘገበ ነው፤ መካከል ላይ አይቋረጥም፤ እያንዳንዱም በኢ-እርግጠኝነቱ ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ይህን ሁሉ በአንድ ስም ከማጨቅ በግስ መጻፍ ይቀላል፦ «በዚህ ሰርተፍኬት የተገለጹት የልኬት ውጤቶች፣ ባልተቋረጠና በሰነድ በተደገፈ የካሊብሬሽን ሰንሰለት፣ ከዓለም አቀፉ የአሃዶች ሥርዓት ጋር የተሳሰሩ ናቸው።» አጭር ስም ሲያስፈልግ «የልኬት ትስስር» ይበቃል።

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተቋም ስም ሲገባ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰንሰለቱ በኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት በኩል ያልፋል ከተባለ ትርጉሙ የላቦራቶሪው ማጣቀሻ መለኪያ እዚያ ካሊብሬት ተደርጓል ማለት ነው። «በኢንስቲትዩቱ የጸደቀ» ወይም «ኢንስቲትዩቱ ያረጋገጠው» ብሎ መተርጎም የተቋሙን ስም ባልሰጠው ምስክርነት ላይ ማኖር ነው። አክሪዲቴሽንም ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ላቦራቶሪው አንድን የልኬት ዓይነት በተወሰነ ክልል ውስጥ የመሥራት ብቃቱ በሌላ አካል፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት፣ ተመዝኖ ዕውቅና ማግኘቱን ይናገራል። አንዳንዴ በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ሁለት ነጥቦች ኮከብ ተደርጎባቸው ከታች «ከአክሪዲቴሽን ወሰን ውጭ» ይባላል። ኮከቧ በትርጉሙም ላይ እዚያው ቁጥር አጠገብ መገኘት አለባት። «ማጣቀሻ ስታንዳርድ» የሚለውንም «የማጣቀሻ ደረጃ» ማለት አያስኬድም፤ «ደረጃ» በአገራችን የታተመ መስፈርት ነው፤ እዚህ የተባለው ግን በእጅ የሚያዝ፣ መለያ ቁጥር ያለው መሣሪያ ነው። «ማጣቀሻ መለኪያ» ይበቃዋል።

ስለ ትስስር ከተነሳ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ የዚህ ሰንሰለት ምትክ እንዳልሆነም ለአንባቢው ግልጽ ይሁን። ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ዜሮ ዲግሪን ጥሩ አድርጎ ይሰጣል፤ ቴርሞሜትሩ ከባለፈው ወር መንሸራተቱን ለማወቅ ይረዳል። ስለ 72 ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። የፈላ ውሃን 100 አድርጎ መውሰድ ደግሞ በእኛ ከፍታ አይሠራም፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው ሱሉልታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ዘዴ ደህናውን ቴርሞሜትር የተበላሸ ማስባል ቀላል ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው፤ ግን ዋጋ ያስከፍላሉ። ከአውሮፓ የመጣ ሰርተፍኬት 0,3 ብሎ በነጠላ ሰረዝ ሊጽፍ ይችላል፤ በአማርኛው 0.3 ይሁን፤ በመላው ሰነድም አንድ ዓይነት ይሁን። 0.30 የተባለውን 0.3 ማድረግ አይፈቀድም፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ልኬቱ እስከ የት እንደተገለጸ ትናገራለች። ዳሳሹና ማሳያው የተለያየ መለያ ቁጥር ካላቸው ሁለቱም ይጻፉ፤ ካሊብሬት የተደረጉት አንድ ላይ ስለሆነ አንዱ ከተቀየረ ውጤቱም ዋጋ ያጣል። ዳሳሹ ስንት ሚሊሜትር ጠልቆ እንደተለካ የሚናገረው መስመርም ተራ ዝርዝር አይምሰል፤ በፋብሪካው ቧንቧ ላይ ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ከተገባ ዳሳሹ ከውጭው አየር ይቀዘቅዝና የሰርተፍኬቱ ቁጥር አይሠራም። ብዙ ሰርተፍኬቶች ያለ ላቦራቶሪው ፈቃድ በከፊል እንዳይባዙ ስለሚከለክሉ ሠንጠረዡን ብቻ ቆርጦ መተርጎም ተገቢ አይደለም፤ ሙሉው ይተርጎም፤ በየገጹ «ትርጉም» የሚል ምልክትና የዋናው ሰርተፍኬት ቁጥር ይኑር።

ቀን ላይ፣ 12/03/2024 የሚል ካለ መጀመሪያ ማርች ይሁን ዲሴምበር ከሌላ የሰነዱ ቀን ጋር አነጻጽሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በአውሮፓ አጻጻፍ 12 ማርች ከሆነ «መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. (12 ማርች 2024 እ.ኤ.አ.)» ተብሎ በሁለቱም ይጻፍ። «የሚያገለግለው እስከ» የሚል ሣጥን ግን በዋናው ላይ ከሌለ በትርጉሙ ላይ አይፈጠር። 17025 ራሱ ላቦራቶሪው ከደንበኛው ጋር ካልተስማማ በቀር የሚቀጥለውን ካሊብሬሽን ጊዜ በሰርተፍኬቱ ላይ እንዳይመክር ያዛል። ያንን ቀን የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ የሚወስነውም የዘንድሮውን +0.4 ካለፈው ጊዜ ሰርተፍኬት ስህተት ጋር አስተያይቶ፣ ቴርሞሜትሩ በምን ፍጥነት ወደ 0.5 እየቀረበ እንደሆነ አይቶ ነው።